ማስተካከያ፦ ስለ ፔንታ 2 ጥያቄ

«የ10 ሳምንት ህፃን ለፔንታ 2 መጣ፣ ጉንፋን ይዞታል፣ 37.8 ይተኩሳል፣ በፔንታ 1 ጊዜ ጭኑ አብጦ ነበር። ይከተባል?»

ትናንት ለደብረ ብርሃን ተፈታኞች «ሲሻለው ይቀጠር» ብዬ የመለስኩት ስህተት ነው፣ ይቅርታ። ዛሬውኑ ይከተባል፣ የህፃናት ህክምና መመሪያውም የሚለው ይሄንኑ ነው፤ ቀላል ጉንፋንና ትኩሳት፣ የተወጋበት ቦታ ማበጥም አያስከለክልም።

ፔንታን የሚያስከለክለው ካለፈው ዶዝ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ አንዘፍዝፎት ወይ ሾክ ገብቶ ከነበረ፣ ወይም ከንፈሩ አብጦ ትንፋሽ ያሳጠረው ከባድ አለርጂ ካጋጠመው ነው። ስለዚህ እናትየዋን «አሞት ነበር?» ብላችሁ ብቻ አትለፏት፣ «አይኑ ተገልብጦ አንዘፍዝፎት ነበር? በስንተኛው ቀን?» በሏት።

በኔ መልስ ህፃን የመለሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ ጥሩት፣ ፔንታ 1 ከወሰደ 4 ሳምንት ከሞላው ይከተባል፣ ቢዘገይም እንደ አዲስ አይጀመርም።