ባለሦስት እግሩ ደመወዝ

ጅማ ውስጥ ሽማግሌ የላከ ወጣት መምህር ነው ከተባለ «እግዜር ያኑርልን» ይባልለታል። ነጋዴ ነው ከተባለ «የቡና ነው የጨርቅ?» ተብሎ ይጣራል። «ኤንጂኦ ነው» ከተባለ ግን ጥያቄው እዚያው ያበቃል፤ ቡናው ቶሎ ይፈላል፣ ቄጠማውም ይጎዘጎዛል። «ደመወዙ ስንት ነው?» የሚል አክስት መቼም አይጠፋም። «መቼ ያልቃል?» የሚል ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህን የመሰለ ጨዋነት ሳይመሰገን ሊቀር አይገባም።

የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው። ወለሉ ቢያጎረብጥ እንኳ አይወዛወዝም፤ የጠራቢው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የኤንጂኦ ደመወዝም ከዚሁ ብልሃት የተቀዳ ይመስላል። ለምሳሌ በወር 45 ሺህ ብር የሚከፈለውን የመስክ ኦፊሰር እንውሰድ። ጎረቤት የሚያየው 45 ሺህ ብሩን ነው። የፋይናንስ ክፍሉ ሠንጠረዥ ላይ ግን ሰውየው አንድ ሰው አይደለም። 40 በመቶው የውኃ ፕሮጀክቱ ነው፣ 35 በመቶው የሥርዓተ ምግቡ፣ 25 በመቶው የወጣቶቹ። በብር ሲቆጠር 18,000፣ 15,750 እና 11,250 ይሆናል። ሦስት ለጋሾች ተረዳድተው አንድ ሰው አሳድረዋል፤ ከዚህ በላይ ማኅበር አለ እንዴ?

ሦስቱ እግሮች ግን እኩል ዕድሜ የላቸውም። የውኃው ፕሮጀክት ከ18 ወር በኋላ ይዘጋል እንበል። በዚያ ቀን ከደመወዙ 18,000 ብሩ ባለቤት አጣ ማለት ነው። ሁለቱ ለጋሾች ክፍተቱን እንዲሸፍኑ በጀቱን ማሸጋሸግና ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል። ጥያቄው ቀድሞ ካልቀረበ መልሱ የሚመጣው እግሩ ከተነቀለ በኋላ ነው። ስለዚህ ለኦፊሰራችን የ60 በመቶ ኮንትራት ይቀርብለታል፣ 27,000 ብር። የሚያዳርሳቸው ቀበሌዎች ግን በ40 በመቶ አይቀንሱም። ወረዳዎቹ ማናም ጎማም ሰቃ ጨቆርሳም ያው እዚያው ናቸው፤ ሞተሩም ያው ሞተር ነው። በሁለት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጦ አለመውደቅ ደግሞ በሲቪ ላይ «ጫና ተቋቁሞ መሥራት» ተብሎ ይጻፋል።

ታይምሺቱም የራሱ ምስጋና ይገባዋል። ሠራተኛው በየቀኑ ለየትኛው ፕሮጀክት ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚመዘግብበት ቅጽ ነው፣ ቢያንስ ስሙ እንዲያ ይላል። የእኛ ሰው ግን ወር በገባ በ29ኛው ቀን ከሰዓት፣ ሻዩን ፉት እያለ፣ 40፣ 35፣ 25 ብሎ ይሞላዋል። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። ጳጉሜን ቢኖርበት፣ ወር ሙሉ ውኃ ጉድጓድ ላይ ቢውል፣ ሁለት ሳምንት ታሞ ቢተኛ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን ኦዲተር ይመጣና አሥራ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ይዘረጋቸዋል። የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ከሆነ ደንቡ ግልጽ ነው፦ በጀት ላይ የተገመተው መቶኛ ብቻውን ለደመወዝ ወጪ ማስረጃ አይሆንም፤ በእውን የተሠራው ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ወጪው ተቀባይነት ሊያጣና ድርጅቱ ገንዘቡን መልስ ሊባል ይችላል። «እንዲህ ሙላ» ያለው አለቃ ያን ጊዜ ሌላ አገር ተዛውሯል። ፊርማው ግን የኦፊሰሩ ነው።

ፕሮጀክት ሲሞት ደግሞ ድምፅ አያሰማም፤ ምልክቱን ለሚያውቅ ግን ቀድሞ ይናገራል። የለቀቀ ሾፌር ሳይተካ ይቀራል። ፋይናንስ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያን በድንገት ይወድዳል። የንብረት ቆጠራ በዓመት ሁለቴ ይሆናል። ከአዲስ አበባ የመጣው አለቃ ስብሰባ ላይ «ያለ ተጨማሪ በጀት ጊዜ ማራዘም» ይላል፣ ሰዉም የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ሰምቶ ያጨበጭባል። ጊዜው ተራዘመ ማለት እኮ ገንዘብ ተጨመረ ማለት አይደለም፤ ያው የተረፈው ብር ለብዙ ወር ይሳሳል ማለት ነው። በተቃራኒው በጀት ያልተነካለት ፕሮጀክት የመጨረሻው ሩብ ዓመት ላይ ይነቃል። የከተማው ሆቴሎች አዳራሽ በአንድ ሳምንት ይሞላል፣ የሦስት ዓመት ሥልጠና በሦስት ሳምንት ይሰጣል፣ የወረዳ ባለሙያውም ከጠዋቱ አዳራሽ ወደ ከሰዓቱ አዳራሽ በባጃጅ ይመላለሳል።

አንዳንዴ ደግሞ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ጥር 12 ቀን 2017፣ እዚህ ቃና ዘገሊላ ሲከበር፣ ዋሽንግተን ላይ የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን የሚያግድ ትእዛዝ ተፈረመ። ብዙም ሳይቆይ «ሥራ አቁሙ» የሚሉ ደብዳቤዎች በየኢሜይሉ ገቡ። በሰኔ 24 ዩኤስኤድ የእርዳታ ሥራውን ጨርሶ አቆመ። ሦስቱም እግሮቹ በተለያየ ስም ከአንድ ግንድ የተፈለጡ መሆናቸውን ብዙ ሠራተኛ ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። ሦስት ፕሮጀክት ሦስት ለጋሽ ማለት አይደለምና።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ ኑሮ ክብር አለው። የተወሰነ ጊዜ ኮንትራት ቀኑ ሲደርስ በሕግ ራሱ ይቋረጣል። ያባረረ የለም፣ የተባረረም የለም፣ የሚቀየሙትም ሰው የለም። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይታከላል። አንድ ቤት 11 ዓመት የቆየ የባንክ ሠራተኛ 21 ቀን ደርሷል። በየአዲሱ ድርጅት እንደ አዲስ የሚቀጠረው የእኛ ሰው ግን ሁልጊዜ በ16 ይጀምራል፤ ወጣትነቱ አያልፍበትም። ድርጅቱ ፕሮቪደንት ፈንድ ያለው ከሆነ በየመለያየቱ ጠቀም ያለ ብር እጁ ይገባል። ያ ብር የእርጅናው ነበር፤ እስከሚቀጥለው ቅጥር ድረስ የቤት ኪራይ ሆኖ ያልቃል።

በአሥር ዓመት ውስጥ ሠላሳ ሠላሳ ወር የሆኑ ሦስት ኮንትራቶች ቢያገኝ እንኳ፣ እሱም ዕድለኛ ከሆነ፣ ሠላሳ ወር ያለ ደመወዝ ተቀምጧል ማለት ነው። የዘጠናው ወር ደመወዝ በ120 ወር ሲካፈል 45 ሺሁ በወር 33,750 ይሆናል። አክስት ይህን ቁጥር አልጠየቀችም።

ሙያውን ደግሞ እንዳንረሳ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በእርሻ ተመርቆ ሲገባ የቡና ቅጠል ላይ ዝገቱን አይቶ ያውቅ ነበር። ዛሬ የሚያውቀው የዝገቱን አመልካች፣ መነሻ መረጃና ዒላማ ነው። በየማስታወቂያው «የለጋሹን አሠራር የሚያውቅ» ይፈለጋል፤ እሱም ያውቃል። ለጋሹ ሲሄድ ግን ያ ዕውቀት መርካቶ ወጥቶ አይሸጥም። ከጎኑ የተቀመጠችው ሒሳብ ሠራተኛ የወር ማስታረቂያዋንና የግብር ሥራዋን ይዛ ቡና ላኪ ቤት ትገባለች። እሱ ግን የስኬት ታሪክ ጽፎ የማስረከብ ጥበቡን ለማን ያቀርበዋል?

ስለዚህ ወገኖች፣ ኮንትራት ስትፈርሙ «ደመወዜ ከየትኛው በጀት ስንት በመቶ ይከፈላል? እያንዳንዱ የሚያልቀውስ መቼ ነው?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ለደስታ ቀን የሚሆን ጥያቄ አይደለም። መልሱ እንደሆነ በመጨረሻው ቀን በርክክብ ቅጹ ላይ ይገኛል፦ ላፕቶፕ አንድ፣ ሲም ካርድ አንድ፣ የሞተር ሄልሜት አንድ፣ ቁልፍ ሁለት። አርማ ያለበትን የዝናብ ጃኬት ማንም አይጠይቅም። የጅማ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው።