ቀኑ የት ሄደ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስክሪንሾት ባያችሁ ቁጥር «ሼር አድርጉ» የምትሉትን ሁሉ።

አክስቴ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ባለፈው ሰሞን ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብሄድ መቶ ብሬን መለሰችልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ብር ሊቀር ነው ተብሏል። ሌላ ካለህ ስጠኝ» አለች። ከየት እንደሰማች ስጠይቃት ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች። የእቁብ ግሩፓቸው ላይ የተለቀቀ ስክሪንሾት ነው። ከላይ የታወቀ የዜና ቻናል ስም አለ። ነባሮቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ በአዲስ ተቀይረው ያልቃሉ ይላል። ከሥሩ «ኧረ በስማም»፣ «ጉድ ፈላ» ተደርድሯል። «ይሄ መቼ የተባለ ነው?» ያለ ግን አንድ ሰው የለም።

ዜናው ውሸት አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዲሶቹን ኖቶች ይፋ ያደረጉት መስከረም 4 ቀን 2013 ነው፤ የሦስት ወሩ ቀነ ገደብም የዚያን ጊዜ ነው። ያኔ «ነባር» የተባሉት ዛሬ ማንም ኪስ ውስጥ የሌሉት ናቸው። ቀኑ ሲቆረጥ ግን «ነባር» ማለት አክስቴ መሳቢያ ውስጥ ያለው ብር ሆነ። አንድ ፊደል ሳይነካ ትርጉሙ ተገለበጠ።

ምስሉን ረጋ ብሎ ላየው ሰው መቆረጡ ያስታውቃል። የመጨረሻው መስመር «በተጨማሪም አዲስ የ» ብሎ ይቆማል። የምን አዲስ? ያኔ አብሮ የወጣው የ200 ብር ኖት ነዋ! ያቺ ቃል ብትተርፍ ኖሮ፣ ሁለት መቶ ብር በየቀኑ የምትመነዝረው አክስቴ ራሷ ትስቅ ነበር። ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ የሚቆም ስክሪንሾት ስታዩ «ቀጥሎ ምን ነበር?» በሉ።

ቆራጩ የግድ ክፉ ሰው ነው አልልም። ቴሌግራም ላይ ከመልእክቱ ጥግ የምትታየው ሰዓቷ ብቻ ናት። ቀኑ የሚጻፈው ከመልእክቱ በላይ፣ መሃል ላይ ለብቻው ነው። ስለዚህ መልእክቱን ብቻ አስተካክሎ የቆረጠ ሰው ሳያስበው ዓመቱን ጥሎት ይሄዳል።

እኔ ምን አደረግኩ? እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቻናሉን ከፈትኩ። መፈለጊያዋ ላይ «የብር ኖት» ብዬ ጻፍኩ። ወጣ፤ ከነሙሉ ቃሉ፣ ከነ2020 ፈረንጅ ዓመቱ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ የቻናል ስምና አርማ ማንም ይገለብጣል። ሰማያዊ ምልክት የሚመስል ኢሞጂ ስሙ ላይ የሚለጥፍም አለ። ሁለት ቻናል ሊጋራው የማይችለው በ@ የሚጀምረውን መጠሪያ ነው፤ እሱን ፊደል በፊደል እዩት።

ደግሞ ሰው ስክሪንሾት ሲልክላችሁ «ፎቶውን ተወውና ራሱን መልእክቱን ፎርዋርድ አድርግልኝ» በሉት። ከቻናል ፎርዋርድ የተደረገ ከላይ የምንጩ ስም ይወጣል፤ ስሙን ስትነኩት ዋናው ቦታ ላይ ያደርሳችኋል። ከላይና ከታች የተባለውን ያኔ ታነባላችሁ። ላኪው ስሙን ደብቆ መላክ ስለሚችል፣ ስም አለመኖሩ ብቻውን ውሸት ነው አያሰኝም። ግን ማንን ይዛችሁ ነው የምታምኑት?

«እኔ ፎቶሾፕ በዓይኔ አውቃለሁ» የምትሉም አላችሁ። እባካችሁ ተዉት። ኮምፒውተር ላይ ድረ ገጽ ከፍቶ፣ ማውዙን በቀኝ ተጭኖ፣ እዚያው ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የሚለወጠው በዚያ ሰው ስክሪን ላይ ብቻ ቢሆንም ስክሪንሾቱ ፊደሉም፣ ቀለሙም፣ ክፍተቱም ልክ ይሆናል። በተቃራኒው እውነተኛው ምስል ከእጅ እጅ ሲዞር እየተጨመቀ ይደበዝዝና ሐሰተኛ ይመስላችኋል። ምስሉ ላይ ማፍጠጥ የትም አያደርስም፤ ዋናውን ፈልጉ። ዋናው ሲጠፋስ? ተሰርዞም ይሆናል፣ ከመጀመሪያውም አልነበረም ይሆናል። ያኔ ለማንም አለመላክ ነው።

አክስቴ መቶ ብሬን ተቀበለችኝ። ግሩፑ ላይ የለቀቀው ሰውዬም ስክሪንሾቱን አጠፋው፤ «ተሳስቻለሁ» የምትል ቃል ግን አልወጣውም። ከሰዓት በኋላ አክስቴ ደወለችልኝ። ዳቦ የሚያመጣላት ልጅ መቶ ብር አልቀበልም ብሎ በሯ ላይ ቆሟል።