«መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ» ተመልካች አይሆንም

አንድ ወጣት ዳይሬክተር የላከልኝ ጥያቄ ይኸው፦ «ከአረብ ሀገር ስለተመለሱ የደቡብ ወሎ ሴቶች ዶክመንተሪ እየሠራሁ ነው። ለውጭ ፈንድ ሳመለክት ተመልካች፣ ተጽዕኖና ስርጭት የሚሉት ክፍሎች ላይ ምን ልጻፍ? ታሪኩን ጽፌ ጨርሻለሁ።»

መጀመሪያ ተመልካቹን ጻፍ። ሌሎቹ ሁለቱ ከእሱ ይወጣሉ።

ያነበብኳቸው ብዙ ማመልከቻዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ አንድ ዓይነት ናቸው። «ፊልሙ በሕገወጥ ስደት ላይ ግንዛቤ ይፈጥራል። ተመልካቹ መላው የኢትዮጵያ ሕዝብና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ነው።» ገምጋሚው ከዚህ ምን ይያዝ? እሱ ማወቅ የሚፈልገው ፊልሙን ማን፣ የት ቁጭ ብሎ እንደሚያየውና በማግስቱ ምን እንደሚያደርግ ነው።

እስቲ ያንተኑ ፊልም እንውሰድ። ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች አንዲት ልጅ ወደ ሳዑዲ ስትሄድ ብዙ ጊዜ ብቻዋን አትወስንም። በሬ የሚሸጠው ወይ ብድር የሚገባው አባት ነው። እናት ትመክራለች። ቀድማ የሄደች እህት ገንዘብ ትልካለች። ደላላው ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ተመልካችህ ልጃቸውን ለመላክ እየተዘጋጁ ያሉ እናትና አባት ናቸው። ሁለተኛው ቀድማ የሄደችው እህት ናት። ሦስተኛው የወረዳው ሥራና ክህሎት ባለሙያ ነው። ሦስት ይበቃል። አራተኛ ስትጨምር ገንዘቡም ጉልበቱም ይበታተናል።

አሁን ወደ ተጽዕኖው እንምጣ። ፊልሙ «አትሂዱ» ሊል ከሆነ፣ ይህንን ምክር ሕዝቡ ቀድሞ ሰምቶታል። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት ለሥራ መሄድን ከልክሎ ነበር። እገዳው እስከተነሳበት 2010 ዓ.ም. ድረስ ጉዞው አልቆመም፤ በየመን በኩልና በደላላ ቀጠለ። ስለዚህ ማመልከቻህ ላይ ትንሽ ግን የሚጨበጥ ለውጥ ምረጥ። እኔ ብሆን የምመርጠው ይህን ነው፦ ቤተሰቡ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የላኪው ኤጀንሲ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቅ። የፓስፖርቷና የሥራ ውሏ ኮፒ ደግሞ ቤት ይቅር።

ኮፒው ለምን? ከፋላ በሚባለው የባሕረ ሰላጤው የስፖንሰር ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ፓስፖርቷን አሠሪው የሚይዝበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ቀን ስልኳ ሲዘጋ ቤተሰብ የአሠሪውን ስም እንኳ አያውቅም። ኤምባሲ ቢደውል፣ ወረዳ ቢሄድ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ከተመላሾቹ ጋር ስታወራ ይህ ታሪክ በየቤቱ ይመጣል። ፊልምህ ውስጥም ካለ፣ ተጽዕኖው ከታሪኩ ከራሱ ወጣ ማለት ነው። ገምጋሚዎች ይህን ወዲያው ያዩታል።

መለኪያውም ቀላል ይሆናል። ስንት ሰው አዳራሽ ገባ የሚለው ቁጥር ሰው መምጣቱን እንጂ መለወጡን አያሳይም። አወያዩ ከፊልሙ በፊት ልጃቸውን ለመላክ ያሰቡ ቤተሰቦችን ይመዘግባል። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ልጅቷ በሄደችበት ቤት «ኮፒው የት አለ?» ይላል። የሚያሳዩትን ይቆጥራል። ፊልሙ ካልታየበት አንድ ሁለት ቀበሌም እንዲሁ ቢጠይቅ ማወዳደሪያ ይኖርሃል። የማትለውጠውንም ጻፈው። በወሎ ቀበሌ የታየ ፊልም የሳዑዲን ሕግ አይቀይርም። ይህን በግልጽ ያለ ማመልከቻ እኔ ዘንድ ይበልጥ ይታመናል።

የማሳያው ዝርዝር ላይ ሰነፍ አትሁን። ለምሳሌ 12 ቀበሌ፣ በየቀበሌው ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ 80 ሰው ብትል 1,920 ሰው ይሆናል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ግን እነዚያ 80 ሰዎች መቼ ይመጣሉ? ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ነው። ክረምት መንገዱ ይበላሻል። አካባቢው በብዛት ሙስሊም ስለሆነ ረመዳንን አስብ፤ አርብ ጁምዓ አለ። እናቶችን ከፈለግህ ምሽት አይሆንም፤ እራት የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ታሳያለህ። ከሰዓት ደግሞ የቀበሌው አዳራሽ ብርሃን ያስገባል። መስኮቱ ላይ የሚሰቀል ጥቁር ጨርቅ፣ ጄኔሬተር፣ ነዳጅ፣ የአወያይ አበል፣ ሁሉም በጀቱ ውስጥ ይግባ። በትረካው ያለ ነገር በበጀቱ ከሌለ ገምጋሚው እቅዱን ከልብ አልጻፈውም ይላል። አብሮህ የሚሠራ ድርጅት ካለም ደብዳቤው «እንደግፋለን» ብቻ አይበል። አዳራሹን ማን እንደሚሰጥ፣ አወያዩን ማን እንደሚመድብ ይጥቀስ። ፊልምህ ለምሳሌ 80 ደቂቃ ከሆነ፣ አዳራሽ ውስጥ ሙሉውን አታሳይ። ለውይይት ጊዜ እንዲተርፍ የ25 ደቂቃ ቅጂ ይቆረጥና እሱም የኤዲቲንግ በጀት ይኑረው።

ስርጭቱ በአብዛኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ብዙ ትልልቅ ፌስቲቫሎች ፊልሙን ቀድመው ማሳየት ይፈልጋሉ። ዩቲዩብ ላይ ከለቀቅከው ያ ዕድል አለቀ። በቀበሌ የሚደረግ ዝግ ማሳያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፤ ፌስቲቫሉን አስቀድመህ በጽሑፍ ጠይቀው። እኔ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ባደርገው እመርጣለሁ፦ ፌስቲቫልና የወሎው ማሳያ ጎን ለጎን፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ በመጨረሻ ዩቲዩብ በነፃ። ከሀገር ውስጥ ቴሌቪዥን ገቢ አገኛለሁ ብለህ አትጻፍ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የአየር ሰዓት የሚገዛው አዘጋጁ ነው። ስፖንሰር ከሌለህ ወጪ አድርገህ አስገባው።

ቀድማ የሄደችው እህትስ? እሷ አዳራሽ አትመጣም። በስልኳ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ነው የምታየው። ለእሷ የሚሆነው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ በድምፅ ብቻ ቢሰማም ትርጉም የሚሰጥ። አብዛኛው ሰዓቷ ሥራ ላይ ነውና።

ብዙ ማመልከቻ የሚዘለው አደጋ እዚህ ላይ ይመጣል። ፊልምህ ላይ ያለችው ሴት አዲስ አበባ ወይም አምስተርዳም መታየቱን ፈቅዳ ይሆናል። የገዛ ቀበሌዋ ላይ መታየቱ ሌላ ነገር ነው። እዚያ አማቷ አለች፣ ደላላው አለ፣ ብድሩን የሰጣት ሰው አለ። እህቷ ሳዑዲ ካለች አሠሪዋም ሊያየው ይችላል። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ በአንድ ሀገር እንዳይታይ መዝጋት ይቻላል፤ ግን ቪፒኤን አለ፣ አንድ ሰው አውርዶ ቴሌግራም ላይ ይለቅቀዋል። መከላከያው ኤዲቲንግ ላይ መጀመር አለበት፦ የተቀየረ ስም፣ የማይታይ ፊት፣ የአሠሪው ከተማ አለመጠቀስ።

ስለዚህ ፈቃዱን በየደረጃው ጠይቅ። ለፌስቲቫል አንድ፣ ለራሷ ቀበሌ አንድ፣ ለኢንተርኔት አንድ። ከመጨረሻው ኤዲቲንግ በፊት ፊልሙን አሳያትና እንደገና ጠይቃት። ለቀበሌዋ እሺ ካላለች 12ቱ 11 ይሆናሉ። ማመልከቻው ላይም ይህ ሊሆን እንደሚችልና የዚያ ቀበሌ ገንዘብ ወዴት እንደሚዛወር ከአሁኑ ጻፈው።