«ስልኩ ያንቺ ነው፣ የማድረሻውን ብቻ ላኪ»

ኧረ በናታችሁ! የታዋቂ ሰው ስምና ፎቶ ሰርቀው ገጽ ከፍተው «አሸንፈሻል፣ የማድረሻ ብቻ ላኪ» የሚሉት ሰዎች አንገፍግፈውኛል።

የአክስቴ ልጅ የምትከታተለው አንድ ቲክቶከር አለ። ስሙን ተዉት፣ የሱም ስም ነው የተሰረቀው። አይፎን እሸልማለሁ አለ። እንደተለመደው ፎሎው አድርጉ፣ ኮመንት ጻፉ፣ ሦስት ጓደኛ ታግ አድርጉ። ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ኮመንቷ ስር መልስ መጣላት። ያው ፎቶ፣ ያው ስም። «እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ በቴሌግራም አናግሪኝ።»

ገጹን በኋላ ከፍቼ አየሁት። ዩዘርኔሙ መጨረሻ ላይ አንዲት _ ተጨምራለች፣ ሌላው ፊደል አንድ ነው። ቪዲዮዎቹ ከእውነተኛው ገጽ የተቀዱ ናቸው፣ ግን ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ የተጫኑ። ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ሰው ገጽ እንደዚያ አይሆንም። ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ ከስሙ ጎን ✅ አለ። እሷ «ቬሪፋይድ ነው» ብላ ነበር። ስሙ ውስጥ የተጻፈ ኢሞጂ እኮ ነው! እኔም ስሜ ላይ መጻፍ እችላለሁ።

መጀመሪያ 450 ብር ነበር የጠየቃት። የማድረሻ። በቴሌብር ልትልክ ስትል የተቀባዩ ስም መጣ፣ የማታውቀው ሰው ስም። ጎበዝ ናት፣ ጠየቀችው። «የሒሳብ ሠራተኛችን ነው» አላት። ላከች። ትንሽ ቆይቶ ስሟ የተጻፈበት የታሸገ ካርቶን ፎቶ ላከላትና «ኢንሹራንስ 1,200፣ እቃው ሲደርስሽ ተመላሽ ነው» አለ። እሱንም ላከች። ከዚያ የጉምሩክ 2,500። ከቦሌ ኮተቤ ለሚሄድ ስልክ ጉምሩክ! እዚህ ላይ ነው የነቃችው። «ብሬን መልስልኝ» ስትለው ብሎክ።

አሁን «ስግብግብ ስለሆነች ነው» የሚል ኮመንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይደለም። 450 ብር ሆን ተብሎ የተመረጠ ዋጋ ነው። አንድ አይፎን ላሸነፈ ሰው ምንም አይደለም፣ ለመበደርም አያስቸግርም፣ ከተበላ በኋላ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃል ለመስጠት የሚያንስ ይመስላል። ሌባው እንዳይከሰስ የሚያደርገው ያ ማነሱ ነው። አንዴ ከላክሽ በኋላ ደግሞ ሁለተኛውን የምትልኪው ለአይፎኑ ብለሽ አይደለም፣ የመጀመሪያው ብር እንዳይቀልጥ ብለሽ ነው። «ተመላሽ ነው» የምትለዋ ቃል የገባችው ለዚህ ነው።

ደግሞ አስቡት እስቲ። የምር ስልክ የሚሸልም ሰው ለሞተረኛ የሚከፍለው ያጣል? ቢያጣ እንኳ ስልኩን ይዘሽ ከሞተረኛው እጅ ስትቀበዪ ትከፍያለሽ፣ አለቀ። ቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ሽልማት የለም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ በ2023 የታዋቂውን ዩቲዩበር የሚስተር ቢስትን መልክና ድምፅ በዲፕፌክ አስመስለው «አይፎን 15 በ2 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ ቲክቶክ ላይ ለቀው ነበር። ያው ትንሽዋ ክፍያ ናት። እዚህ ግን ዲፕፌክም አላስፈለገም፣ ስክሪንሾት በቂ ሆነ።

ግን የምር የሚያናድዱኝ እውነተኞቹ ናቸው። አዎ፣ እናንተ ተከታይ ለመሰብሰብ «ኮመንት ጻፉ» የምትሉ! ያ የኮመንት ዝርዝር ለሌባው የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ሽልማት የሚፈልገው ማን እንደሆነ በስም ተሰልፎለታል፣ እሱ እየዞረ መልስ መስጠት ብቻ ነው የሚቀረው። እናንተ ለጥፋችሁ ትጠፋላችሁ። መቼ እንደሚወጣ አትናገሩም፣ ማን እንዳሸነፈ በላይቭ አታሳዩም፣ እዚያው ፖስት ላይ «ከማንም ብር አንጠይቅም፣ በቴሌግራም አናናግርም» ብሎ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ስንነግራችሁ ደግሞ «እኔ ጋ አይታይም» ትላላችሁ። አይታያችሁማ! ሌባው መጀመሪያ የሚያደርገው እናንተን ብሎክ ማድረግ ነው። በሌላ ሰው ስልክ ፈልጉት።

እኛ ሪፖርት አደረግን፣ ከቤተሰብ ያልቀረ ሰው የለም። ገጹ ግን አለ። የተመሰለበት ሰው ራሱ ሪፖርት ቢያደርግ የተሻለ ይሰማል፣ እሱ ግን አዲስ ቪዲዮ እየቀረጸ ነው መሰለኝ። ብሩ የተላከበት ስልክ ቁጥርና ደረሰኙ እጃችን ላይ ስላለ እሱን ይዛ ወደ ፖሊስ እንድትሄድ እየጎተጎትኳት ነው። «ለ1,650 ብር?» ትለኛለች። አያችሁ!

ሌሎች እንዳይበሉ ብላ ትናንት የሆነውን ሁሉ ፌስቡክ ላይ ጻፈች። ከስሩ የመጀመሪያው ኮመንት ምን ይላል? «እህቴ አይዞሽ፣ የተወሰደብሽን ብር እናስመልሳለን። መመዝገቢያ 300 ብር ብቻ።»