እህቴን ስለማገባ ፈቃድ ይሰጠኝ

ደብዳቤ ጽፎ አንዴም ሳያነበው "ላክ" የሚለውን የሚጫን ሰው በጣም ነው የማደንቀው። እኛ ፈሪዎቹ ሁለት መስመር ጽፈን ሦስቴ እናነባለን። እሱ ግን ጣቱን ያምናል። ስህተቱን ብታሳየው "ዋናው ሐሳቡ ነው፤ ገብቶሃል አይደል?" ይልሃል። አዎ፣ ገብቶኛል። የገባኝ ግን እሱ ያላሰበው ነው።

ከእነዚህ ጀግኖች አንዱ የጠረጴዛ ጎረቤቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ጥር ላይ፣ ሰርጉ በየሰፈሩ ድንኳን በጣለበት ሳምንት፣ ለአለቃችን ይህን ኢሜይል ላከ። አንድ ፊደል አልነካሁም፤ ቅርስ ይነካል እንዴ?

> ጉዳዩ፦ ፍቃድ ስለመጠየቅ ይሆናል
>
> ለ ክቡር ኃላፊ
>
> በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እኔ አመልካች በሒሳብ ክፍል ውስጥ ተቀጥሮ እየሰራሁ እገኛለው። ሆኖም ግን ምክንያቱም የፊታችን እሁድ እህቴን ስለማገባ ምክንያት ከ ሀሙስ እስከ ሰኞ ፍቃድ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለው። እርሶም ይሄን ተረድተህ ፍቃዱ እንዲፈቅዱልኝ። ሥራዬን ለ ባልደረባዬ ያስረከበኝ ስለሆነ ስራው አይበደልም። ለማደርግልዎ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

እስቲ የዚህን ሰው ችሎታ ተመልከቱ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቃውን "እርሶ" ብሎ አክብሮ፣ "ተረድተህ" ብሎ አንተ ብሎት፣ "እንዲፈቅዱልኝ" ብሎ መልሶ አንቱ ብሎታል። ሰው እኮ ከአለቃው ጋር እንዲህ ለመቀራረብ ዓመታት ይፈጅበታል።

የደብዳቤው ዕንቁ ግን "እህቴን ስለማገባ" ነው። ምስኪኑ ሁለት ትክክለኛ አማራጭ ነበረው። አንዱ "እህቴ ስለምታገባ" ነው፤ አግቢዋ እሷ ናት። ሌላው "እህቴን ስለምንድር" ነው፤ ዳሪዎቹ ቤተሰቦቿ ናቸው። እሱ ከሁለተኛው "ን"ን ወሰደ፣ ከመጀመሪያው "ማግባት"ን ወሰደ፣ ባለቤቱን ደግሞ ራሱን አደረገ። ቆጣቢ ሰው ነው። በ"ን" እህቱን ሙሽራ፣ በ"ማ" ራሱን ሙሽራው አደረገ። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ከልክሏል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ኢሜይል አላዩም።

የሰው ኃይል ክፍላችን ደግሞ ቅን ነው። እህቲቱን ዘሎ "ስለማገባ"ን ብቻ አነበበና የጋብቻ ፈቃድ ብሎ መዘገበለት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ራሱ ሲያገባ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ለእህት ሰርግ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የለም። የሚታሰበው ከዓመት ፈቃድ ላይ ነው፤ እሱም ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው። አንዲት "ን" እና አንዲት "ማ" ሰውየውን ከአንዱ አንቀጽ አውጥተው ሌላው ውስጥ አስገቡት። ማታውኑ የጋብቻ ማስረጃ እንዲያመጣ ተጠየቀ። እኛም ለስጦታ ማዋጣት ጀምረን ነበር። እኔ 500 ብር ሰጥቻለሁ፤ እስካሁን አልተመለሰችም።

በነጋታው "ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ" ብሎ መጣ። ፊቱ ቀልቷል። ሚስቱ ሰምታለች መሰለኝ። አብረን ቁጭ ብለን እንዲህ አደረግነው፦

> ጉዳዩ፦ የሦስት ቀን የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ
>
> ለሒሳብ ክፍል ኃላፊ
>
> እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. እህቴ ስለምታገባ፣ ሐሙስ ጥር 14፣ ዓርብ ጥር 15 እና ሰኞ ጥር 18 ከዓመት ፈቃዴ ታስበው እንዲሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ጥር 19 ሥራ እገባለሁ። በሌለሁበት ጊዜ የፔቲ ካሽ ክፍያውን ባልደረባዬ ይሠራልኛል፤ ቁልፉንና መዝገቡን አስረክቤዋለሁ። ለሚያደርጉልኝ ትብብር አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ከድንቅ ሥራው ያበላሸሁት ይህ ነው፦

- "እጠይቃለው" "እጠይቃለሁ" ሆነ። ስንናገር "ሁ" ትሳሳና "ው" ትመስላለች፤ በጆሮው የሚጽፍ ሰው የሚስታት ለዚህ ነው። "ሁ" ግን "እኔ" ማለት ናት። "በላሁ" እንጂ "በላው" ብትል፣ የበላኸው አንተ መሆንህ ቀርቶ አንድ ሰው አንድ ነገር በልቷል። ደግሞ የሚገርመው፣ "አመሰግናለሁ" ላይ አልሳታትም። እሷን ከሌላ ደብዳቤ የገለበጣት ይመስለኛል።
- "ተቀጥሮ እየሰራሁ" ወጣ። ተቀጣሪው እሱ፣ ሠሪው እኔ? "ተቀጥሬ" ብንለው ይስተካከል ነበር። ግን አለቃው የት እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ሙሉውን ሰረዝነው።
- "እርሶ" "እርስዎ" ነው። "ተረድተህ"ም "ተረድተው" መሆን ነበረበት። አለቃው መረዳቱን ለራሱ ስለተውንለት ሁለቱም ቀሩ።
- "ሆኖም ግን ምክንያቱም... ስለማገባ ምክንያት"። "ስለ" ብቻዋን ምክንያት ትሆናለች። ሦስት ረዳት ቀጥሮላት ነበር፤ አሰናበትናቸው።
- "ለ ክቡር"፣ "ከ ሀሙስ"፣ "ለ ባልደረባዬ"። "ለ" እና "ከ" ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ። እሱ ለብቻቸው ቤት ተከራይቶላቸው ነበር።
- "ያስረከበኝ" "አስረክቤዋለሁ" ሆነ። በፊተኛው አጻጻፍ ሥራውን የተረከበው ራሱ ነው። ባልደረባው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሥራውን መረከቤንም የሰማሁት ከዚሁ ኢሜይል ነው።
- "ለማደርግልዎ ትብብር አመሰግናለሁ"። ፈቃድ ጠይቆ፣ ራሱ ተባብሮ፣ ራሱን አመስግኖ ጨርሷል። ይህን ስሰርዝ እጄ ተንቀጥቅጧል።

"ሀሙስ" በየትኛው "ሐ" ይጻፋል በሚለው አልተጨቃጨቅንም። "ከሐሙስ እስከ ሰኞ" የሚለው ግን አጨቃጨቀን። ሰዋስዉ ደህና ነው። ሰኞ ግን ውስጥ ናት ውጭ? እኛ ጋ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም። ሰኞ ከገባች ፈቃዱ 3 ቀን ነው፤ ካልገባች 2 ነው። ይህን ሳትለይ ሄደህ ሰኞ ከቀረህ፣ አንተ መልስ ላይ ስትበላ ስምህ ከቀሪዎች መዝገብ ይገባል። ስለዚህ ቀኖቹን አንድ በአንድ ዘረዘርን፤ የሚመለስበትንም ቀን ጻፍን። እሱ ግን "አልበዛም?" አለ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት "ምክንያት" ሲጽፍ ያልበዛበት ሰው።

ላክነው። አለቃችንም በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሱ። እሳቸውም የዚያው ማኅበር አባል መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው፦

> ደብዳቤህ አይቼዋለው። ፈቅደሃል። መልካም ጋብቻ ይሁንልህ።