ቀለም በፎቶው ላይ ወይስ ከፎቶው በላይ?

ጥያቄ፦ «የሙሽራዋ ነጠላ በአዳራሹ መብራት ቢጫ ሆኖብኛል። በፎቶሾፕ ነጠላውን ብቻ ለማንጣት አድጀስትመንት ሌየርና ማስክ የግድ ያስፈልጋሉ ወይስ ኮፒ ላይ መሥራት ይበቃል?»

ፎቶ አንሺ፣ ኮምቦልቻ

ኮፒው ይበቃል ባይ ነኝ። በፊልም ዘመን ነጋቲቩ እስካልተነካ ድረስ ሥራው አይጠፋም ነበር፤ ዛሬም ፎቶውን በCtrl+J ደግሜ፣ በድጋሚው ላይ ነጠላውን መርጬ፣ በCurves ሰማያዊውን ከፍ አደርጋለሁ። ደንበኛው ካልወደደው ድጋሚውን እሰርዘዋለሁ። ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ ሌየር ማብዛት ኮምፒውተሩን ከማድከም በቀር ትርፉ አይታየኝም።

የስቱዲዮ አርታኢ፣ ደሴ

ጋሼ፣ ዋናው ፎቶ እንደሚተርፍ አልክድም፤ የማይተርፈው የእርስዎ ድካም ነው። ደንበኛዋ «ነጠላው ሰማያዊ አለብኝ፣ ትንሽ ይቀነስ» ብትል ምን ያደርጋሉ? በድጋሚው ላይ 245 እና 250 የነበሩ ሁለት ነጥቦች ሁለቱም 255 ላይ ከደረሱ፣ መልሰው ቢያወርዷቸውም አንድ ዓይነት ሆነው ይቀራሉ፤ የነጠላው የክር መስመር ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ምርጫውን ጭምር ከመጀመሪያው ይጀምሩታል።

እኔ Curves የምከፍተው በአድጀስትመንት ሌየር ነው፤ ለውጡ ከፎቶው በላይ ይቀመጣል እንጂ ፎቶውን አይነካም። ሰማያዊውን ከፍ ካደረግሁ በኋላ ለውጡ የት እንደሚታይ የሚወስነውን ማስክ በCtrl+I አጠቁረዋለሁ፤ ለውጡ በሙሉ ይሸፈናል። ከዚያ ጠርዙ ለስላሳ በሆነ ነጭ ብራሽ፣ ኃይሉን 20 በመቶ አካባቢ አድርጌ፣ ነጠላው ላይ ቀስ በቀስ እቀባለሁ። ብራሹ አልፎ ጉንጯን ካገረጣው Xን ተጭኜ በጥቁር እመልሰዋለሁ። Altን ይዤ ማስኩን ጠቅ ሳደርግ ያለፍኩት ቦታ ሁሉ በጥቁርና በነጭ ይታየኛል። ክብደትን ካነሱ ደግሞ፣ ፋይሉን ይበልጥ የሚያሳብጠው የእርስዎ ድጋሚ ነው፤ ፎቶውን እንዳለ ይደግመዋልና።

ፎቶ አንሺ፣ ኮምቦልቻ

ስለ ክብደቱ ልክ ነሽ፣ እህቴ። ነገር ግን በሌየር የተሠራ ሁሉ «ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚለው አባባል ያጠራጥረኛል። አንድ የቡና ነጠብጣብ ከነጠላ ላይ ያጠፋሁት እንዲሁ ከላይ በባዶ ሌየር ነበር፤ በኋላ ከታች ያለውን ቀለም ብቀንሰው፣ ያጠፋሁበት ቦታ እንደ እራፊ ጎልቶ ወጣ።

የስቱዲዮ አርታኢ፣ ደሴ

እሱ እውነተኛ ገደብ ነው። በዚያ ባዶ ሌየር ላይ ያረፈው የተለወጠው ቀለም ነው፤ ማስኩም አይደርስበትም። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፦ ማጥፋቱ ከቀለሙ ሌየር በታች ይሠራል፣ የማጥፊያው መሣሪያ Sample የሚለውም Current & Below ላይ ይደረጋል። JPEG ደግሞ ሌየርን አይዝም፤ እንደ PSD ባለ ሌየር በሚይዝ ፋይል ካልተቀመጠ እስካሁን ያልነው ሁሉ ከንቱ ነው።

ፎቶ አንሺ፣ ኮምቦልቻ

እንግዲህ የአንድ ሠርግ ፎቶ ሁሉ በPSD ይቀመጥ ልትዪኝ ነው? ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ትልቁ ፎቶ እሺ። ለአልበሙ ግን አልተስማማሁም።