«ቆንጅዬ» የተባለ ልጅ ሁሉ በራሱ አይተማመንም

«ልጄን ቀኑን ሙሉ ‹ቆንጅዬ፣ አሻንጉሊት የመሰልሽ› የምላት በራሷ እንድትተማመን ነው። እንዲህ እየተባለች ያደገች ልጅ ማንን ትፈራለች?»

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም። የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ እያለ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጉንጯ ይቆነጠር ነበር። ሥዕሏን ይዛ ስትመጣ እንኳ «ውይ፣ ዓይኗን እዩት!» ነው የምትባለው። ሥዕሉን ያየላት የለም። 13 ሲሞላት ብጉር ወጣባት፣ አፍንጫዋም ከቀረው ፊቷ ቀድሞ አደገ። ያ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ማንም አልሰደባትም፤ ሙገሳው ብቻ ቆመ። እሷ ግን ዝምታውን «አስጠላሁ» ብላ ተረጎመችው። አሁን አንድ ፎቶ ለመለጠፍ ሃያ ጊዜ ትነሳና ሁሉንም ታጠፋለች።

ችግሩ ቁንጅና ልጁ የሠራው ነገር አለመሆኑ ነው። የተሳሳተ ሒሳብ እንደገና ይሠራል፤ አፍንጫን ግን ምን ያደርጉታል?

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ልጆች በኮምፒውተር ጨዋታ ሲሸነፉ ምን እንደሚሰማቸው አየ። ቀድሞ «ጎበዝ ልጅ ነህ» እየተባሉ ማንነታቸው የተሞገሰው፣ ሥራቸው ከተሞገሰው ይልቅ በሽንፈቱ አፈሩ። ይህ በተለይ የታየው ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት በነበራቸው ልጆች ላይ ነው። ጥናቱ ስለ መልክ አይደለም፤ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል።

«ቆንጆ» ማለት ይቅር አላልኩም፣ እኔም እላለሁ። ብቻ ሥዕሉን ስታመጣልሽ መጀመሪያ ሥዕሉን እይላት። «ጣሪያውን ለምን ሰማያዊ አደረግሽው?» ብለሽ ጠይቂያት።